ቡችላው በወር ስንት ብር ይፈጃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነዎት? ወንድሜ የሁለት ወር ወንድ ቡችላ ሊሰጠን ነው። እናቱ ጀርመን ሼፐርድ ናት፣ አባቱ የሐበሻ ውሻ ነው። ባለቤቴ «ፍርፋሪያችንን ይበላል፣ ክትባቱም በዘመቻ በነፃ ይሰጣል፣ ምን ወጪ አለው?» ይላል። እኔ ግን ልጆቹ ከለመዱት በኋላ ማስታመሚያ አጥተን እንዳንሳቀቅ ፈርቻለሁ። በወር 3,000 ብር መመደብ እችላለሁ። ምግቡ፣ ክትባቱና ድንገት ሲታመም የሚወጣው ሁሉ ተደምሮ ይበቃል? ከሰሚት፣ አዲስ አበባ።

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ልንገርዎት። የጀርመን ሼፐርድ ደም ያለበት ወንድ ሲያድግ 25 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ውሻ በእኔ ስሌት በወር ወደ 4,000 ብር ይፈጃል፤ ስለዚህ 3,000 ብር አይበቃም። ለ15 ኪሎ ውሻ ግን ልክ ልኩን ይደርሳል። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ የያዝኳቸው ናቸው፤ የሩዝም የመድኃኒትም ዋጋ ስለማይረጋ በሰፈርዎ ዋጋ እየተኩ ያስቡት። ግራሙና የክትባቱ ብዛት ግን ዋጋ በተቀያየረ ቁጥር አይቀየርም፤ እሱን ይያዙ።

ከምግቡ እንነሳ። ትልቁ ወጪ እሱ ነው፣ ሰውም በብዛት የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው።

አንድ ያደገ የግቢ ውሻ በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያስፈልገው በስልክዎ ካልኩሌተር ማውጣት ይችላሉ። ክብደቱን ሦስት ጊዜ በራሱ ያባዙ፣ ከዚያ √ የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፣ የወጣውን በ70፣ ቀጥሎ በ1.6 ያባዙ። ለ25 ኪሎ ውሻ 25 × 25 × 25 = 15,625 ነው፤ √ አንዴ ሲጫኑ 125፣ ሲደግሙት 11.18 ይመጣል። በ70 እና በ1.6 ሲባዛ 1,250 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ለ15 ኪሎ ውሻ ሲሠሩት 850 ገደማ ያገኛሉ። ትንሹ ውሻ ክብደቱ የትልቁ 60 በመቶ ነው፤ የሚበላው ግን ወደ 68 በመቶ ይጠጋል። ትንሽ ውሻ ለክብደቱ ሲታሰብ ብዙ ይበላል። ቢሆንም አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንስልዎታል፣ ያ ደግሞ ቀላል አይደለም።

1,250 ካሎሪ በድስት ሲታይ ምን ያህል ነው? በቀን 200 ግራም ደረቅ ሩዝ፣ 350 ግራም የተቀቀለ ሳንባ ወይም ልብ ወይም ጨጓራ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ትንሽ ካሮት ወይም ጎመን። የሥጋው ግራም ከመቀቀሉ በፊት ያለው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከሥጋው ላይ ጥቂቱን በጉበት መተካት፣ አንድ ሁለት እንቁላል መጨመር፣ አዮዲን ያለው ጨው በጣት ቆንጠር ማድረግ ነው። በወር 6 ኪሎ ሩዝ በ130 ብር 780፣ 10.5 ኪሎ የሆድ ዕቃ በ150 ብር 1,575፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት 150፣ ለአትክልቱ፣ ለጉበቱና ለእንቁላሉ 350 ብለን እንያዝ። ድምሩ 2,855 ብር ነው። ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ የውሻ ምግብ ብቻ ልስጠው ቢሉ በቀን 350 ግራም፣ በወር ደግሞ 10.5 ኪሎ ይፈልጋል፤ ኪሎው 700 ብር ቢሆን እንኳ ከ7,000 ብር በላይ ይሆናል። ስለዚህ ለእርስዎ በጀት ድስቱ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ፍርፋሪ ልምጣ። ንጹህ እንጀራ፣ ዳቦ፣ የተረፈ ሩዝ ወይም ድንች ለውሻ ችግር የለውም። የሩዙን ግማሽ በንጹህ እንጀራ ቢተኩ በወር ወደ 390 ብር ይተርፍዎታል። ወጥ የነካው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። መቀቀሉም ሆነ መቁላላቱ መርዙን አያጠፋውም። በአንድ ጊዜ ሲበላ ጉዳቱ የሚጀምረው በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ላይ ነው፤ ለ5 ኪሎ ቡችላ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት በቂ ነው ማለት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲበላም ይጠራቀምበታል። ምልክቱ በዚያው ቀን አይታይም። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ቡና ይመስላል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ሰዎች ወደ እኔ ሲያመጡት «ምንም የተለየ ነገር አልበላም፣ የኛኑ ነው የሚበላው» ይሉኛል። ምርመራዬም እዚያው ላይ ያልቃል። የዶሮ ወጥ አጥንት ደግሞ ሲበስል እንደ መርፌ ይሰነጠቃል። ከፋሲካና ከገና ማግስት ክሊኒክ የሚሞላው በዚህና በቅባት ብዛት በሚያስመልሳቸው ውሾች ነው። ነፃ ነው የተባለው ፍርፋሪ ወጪው እዚያ ላይ ነው የሚመጣው።

አንድ ሰው ሲያሰላ ሁልጊዜ የሚረሳው ነገር ደግሞ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜ ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ የሆድ ዕቃ የሚሰጥዎት ደንበኛዎም ይጠፋል። ፍሪዘር ካለዎት ከቅበላ በፊት የተወሰነ ያስቀምጡ። ከሌለዎት በቀን ሦስት እንቁላልና ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ምስር ይተካዋል። ይህ በቀን 75 ብር ቢፈጅ ከሆድ ዕቃው በ22 ብር ያህል ይበልጣል፤ በ55 ቀን 1,200 ብር ይሆናል፣ በዓመቱ ላይ ሲከፋፈል በወር 100 ብር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የምግቡን ወርሃዊ ሒሳብ 2,950 ብር አድርገው ይያዙት።

ሳንባና ጉበት ሲገዙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ እብጠቶች ካዩበት ጥሬውን ለውሻ መስጠት አይገባም። በእብጠቱ ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት አድጎ ዕንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ለልጆችዎ ይተርፋል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ እብጠት ያበጃል። የተበላሸውን ቆርጠው ለማንም እንስሳ በማይደርስበት ይቅበሩ፣ የቀረውን በደንብ ይቀቅሉ። መቀቀሉ በዓመት ስንት ጊዜ የትል መድኃኒት እንደሚገዙም ይወስናል።

ይህ ሁሉ ላደገ ውሻ ነው። ቡችላው ገና ትንሽ ስለሆነ ወጪውም ትንሽ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። የሁለት ወር ቡችላ 5 ኪሎ ቢመዝን በስሌቱ ላይ በ1.6 ፈንታ በ3 ነው የሚባዛው፣ ምክንያቱም እያደገ ነው። ይህም 700 ካሎሪ ገደማ ነው። አራት ወር ከሞላው በኋላ በ2 ይባዛል። በሰባት ወሩ 20 ኪሎ ሲደርስ 1,320 ገደማ ይሆናል፤ ማለትም አድጎ ከሚበላው በላይ ይበላል። አጥንቱ ደግሞ ካልሲየም ይፈልጋል፣ ሩዝና ሥጋ ካልሲየም የላቸውም ቢባል ማጋነን አይደለም። በሦስትና በስድስት ወር መካከል የፊት እግራቸው የተጎበጠ፣ መዳፋቸው የተዘረጋ፣ ከአልጋ ላይ ዘለው እግራቸው የተሰበረ ቡችሎች ይመጡልኛል። ባለቤታቸው «ሥጋ ነው የማበላው፣ ምን ጎደለው?» ይላል። የጎደለው አጥንት የሚሆነው ነው። ለእርስዎ ቡችላ እስከ ስድስት ወሩ የምመክረው በቀን 100 ግራም የቡችላ ደረቅ ምግብና የቀረውን ከድስት መስጠት ነው። ለድስቱ ክፍል የእንቁላል ቅርፊት አጥበው፣ አድርቀው፣ በቡና መፍጫ እንደ ዱቄት ያድቅቁና ግማሽ የሻይ ማንኪያ በቀን ይጨምሩበት። ላደገው 25 ኪሎ ውሻ ሲሆን አንድ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ደረቁ ምግብ በወር 3 ኪሎ፣ 2,100 ብር፤ የድስቱ 800 ብር። ተደምሮ ያው 2,900 ብር ነው፣ ያደገው ከሚፈጀው የማይለይ።

ወደ ክትባቱ ልለፍ። በዘመቻ በነፃ የሚሰጠው፣ ሲኖር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። እሱን አግኝተው ማስከተብ ተገቢ ነው። ቡችላን በብዛት የሚገድሉት ግን ፓርቮና ዲስተምፐር የሚባሉት የቫይረስ በሽታዎች ናቸው፤ የእነሱ ክትባት ሌላ ብልቃጥ ነው፣ በክሊኒክ ተገዝቶ ነው የሚሰጠው። በስምንት ሳምንት፣ በአሥራ ሁለት ሳምንትና በአሥራ ስድስት ሳምንት ሦስት ጊዜ ይወጋል። የእብድ ውሻው በአሥራ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ ይሰጣል። ከዚያ ሁለቱም በዓመታቸው ይደገማሉ።

«አንዱ አይበቃም ወይ?» ብለው ለሚጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ። ቡችላው ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት ጋር መከላከያ ይጠባል። ያ መከላከያ በደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ የምንወጋውን ክትባትም እንደ በሽታ ቆጥሮ ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ አንዱ በስምንት ሳምንቱ ባዶ ይሆናል፣ ሌላው እስከ አሥራ አራት ሳምንት ይቆያል። ስለማናውቅ ደጋግመን እንወጋለን። የመጨረሻው፣ የአሥራ ስድስተኛው ሳምንት፣ ከሁሉም የማይዘለለው ነው። ሰው ግን ገንዘብ ሲያጥረው የሚዘለው እሱን ነው።

ክትባቱ አንዱ 1,200 ብር ቢሆን ሦስቱ 3,600፣ የእብድ ውሻው 400፣ በድምሩ 4,000 ብር ይሆናል። በአሥራ ሁለት ወር ሲከፋፈል 333 ብር ይመስላል፤ የሚከፍሉት ግን በሁለት ወር ውስጥ ነው። ካደገ በኋላ በዓመት 1,600፣ በወር 133 ብር ነው።

ክትባቱን ማን እንደሚወጋም ያረጋግጡ፣ ምክንያቱም ገንዘብዎን ከፍለው ውሃ ሊወጉለት ይችላሉ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ይሞታል። በአንዱ ብልቃጥ ውስጥ ነጭ ደረቅ ክብ ነገር አለ፣ በሌላው ፈሳሽ አለ፤ በፊትዎ ቀላቅሎ ወዲያው መውጋት አለበት። ከብልቃጡ ላይ ትንሿን ወረቀት ልጦ በክትባት ካርዱ ላይ መለጠፍም አለበት፤ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን እዚያ ላይ ነው ያለው። ወረቀት ያልተለጠፈበትን ካርድ እኔ እንደ ክትባት አልቆጥረውም። አንድ ጊዜ ቡቺ የምትባል የአሥራ አንድ ሳምንት ቡችላ መጣችልኝ። በስድስት ሳምንቷ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ክትባቱን ከጃኬት ኪሱ አውጥቶ ወግቷታል። ካርዷ ላይ ፊርማ እንጂ ሌላ የለም። ያስመለሳት ማታ ነው፤ ባለቤቷ «ነገ ይሻላት ይሆናል» ብሎ አድሯል። ጠዋት ደም የቀላቀለ፣ ሽታው ከበር የሚቀበል ተቅማጥ ነበር። ፓርቮ ነው።

የእሷን ወጪ በዝርዝር ልንገርዎት፣ «ድንገተኛ» የሚባለው በብር ሲታይ ምን እንደሚመስል ያዩበታል። መታያ 500፣ ምርመራ 1,500። አምስት ቀን ግሉኮስ፣ ማስመለሱን የሚያቆም መርፌ፣ አንቲባዮቲክ በቀን 1,600፣ ተደምሮ 8,000። ሲሻላት ለስላሳ ምግብ 900። ለስድስት ጊዜ መመላለሻ 1,800፤ ባለታክሲው ውሻ ሲያይ ዋጋ ይጨምራል ወይም ጥሎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ይህን ማንም የማይጽፈውን ወጪ ይጻፉት። ጠቅላላው 12,700 ብር። ሦስቱ ክትባት 3,600 ነበር። ቡቺ ተርፋለች። ያው ምልክት ታይቶባቸው ሁለተኛውን ቀን ጠብቀው የሚመጡት ግን ብዙውን ጊዜ አይተርፉም፣ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል።

ለፓርቮ መድኃኒት ይኖራል ብለው ቫይረሱን የሚገድል አይጠብቁ፤ የምናደርገው የሚጠፋውን ውሃና ጨው እየተካን አንጀቱ እስኪድን ማቆየት ነው። ለዚያ ነው ሕክምናው ቀን የሚፈጀው። ለዚያም ነው በጊዜ መምጣት ወጪውን የሚቀንሰው። ቡችላ ሁለት ጊዜ አስመልሶ ምግብ ከተወ፣ ተቅማጡ ደም ካለበት፣ ድዱ ከነጣ፣ ወይም ቆዳውን ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ ሳያሳድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። በአንጻሩ አንዴ ሰገራው የላላ፣ ግን የሚጫወትና የሚጠጣ ውሻ ከሆነ አንድ ቀን የተቀቀለ ሩዝ ሰጥተው ማየት ይችላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ወደ እኔ መምጣት የለብዎትም፤ ገንዘብዎን ያስቀምጡት።

አሁን የጥያቄዎ ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ድንገተኛውን በወር ስንት ብለን እንያዘው? ሁለት ዓይነት አድርጌ ነው የማየው። ትንንሹ፣ ማለትም ቁስል፣ ጆሮ፣ ተቅማጥ፣ የመዥገር ትኩሳት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል ብዬ ለአንዱ 1,800 ብር እይዛለሁ። ይህ በወር 300 ብር ነው። ትልቁ፣ እንደ ቡቺ ያለው ወይም መኪና የገጨው፣ በሦስት ዓመት አንዴ ይመጣል ብዬ 13,000 ብር እይዛለሁ፤ በወር 360 ብር ይሆናል። በድምሩ 660 ብር። ይህ ከልምድ የመጣ ግምት ነው። በር ክፍት የሆነበት ግቢ ከዚህ ይበልጣል፣ ውሻው የማይወጣበት ያንሳል። ያልተኮላሸ ወንድ ከበር ከወጣ ደግሞ በግንኙነት የሚተላለፈውን የብልት ዕጢ ይዞ ሊመለስ ይችላል። የሚድን ነው፤ ሕክምናው ግን በየሳምንቱ የሚሰጥ መርፌ ነው፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በሩን መዝጋት ከብዙ መድኃኒት ይረክሳል።

ችግሩ ይህ አማካይ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሠራም። በወር 660 ብር ካጠራቀሙ በሦስተኛው ወር ያለዎት 2,000 ብር አካባቢ ነው። ፓርቮ ደግሞ የሚወደው ዕድሜ በስድስት ሳምንትና በስድስት ወር መካከል ነው። የድንገተኛው ገንዘብ የሚጠራቀምበት ሳጥን ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው አደጋው ከፍ የሚለው። ለዚህ ነው ለደንበኞቼ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ 6,000 ብር ለብቻው ይቀመጥ የምለው። ከዚያ በየወሩ 660 እየጨመሩ 15,000 ሲሞላ ማቆም ይቻላል፤ የወጣ ሲኖር እንደገና መሙላት ነው። እቁብ ካለዎት የቡችላውን መምጫ ቀን ከዕጣዎ ጋር ማስማማት መጥፎ ሐሳብ አይደለም። አንድ ደንበኛዬ እንዲያ አድርገዋል፤ «የውሻው ዕጣ» ብለው ይስቁባቸው ነበር።

የትልና የመዥገር መድኃኒት ይቀራል፣ ቀላል ነው። ቡችላው በስምንት፣ በአሥርና በአሥራ ሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ የትል ኪኒን ይወስዳል። ለብዙዎቹ ኪኒኖች መጠኑ ለ10 ኪሎ አንድ ነው፤ በዓይን ከመገመት መዝኖ መስጠት ነው። ቡችላውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። ላደገው 25 ኪሎ በዓመት 10 ኪኒን ያህል ነው፤ አንዱ 80 ብር ቢሆን በወር 67 ብር። ለመዥገርና ለቁንጫ በወር 200 ብር ልያዝ። በተለይ በክረምቱና ክረምቱ ሲወጣ አይዝለሉት፤ መዥገር የሚያመጣው ትኩሳት ኪኒኑ አራት ሳምንት ያህል የሚወሰድ ነው።

እንደምረው። ላደገው 25 ኪሎ ውሻ፦ ምግብ 2,950፣ ክትባት 133፣ ትል 67፣ መዥገር 200፣ የድንገተኛ ሳጥን 660። ጠቅላላው 4,010 ብር ነው። የሩዙን ግማሽ በንጹህ እንጀራ ከተኩ ወደ 3,600 ይወርዳል። ለ15 ኪሎ የሐበሻ ውሻ ምግቡ 2,000 ገደማ፣ ትሉ 40 ይሆንና ሌላው ሳይለወጥ 3,030 ብር አካባቢ ይመጣል፤ በእንጀራው ደግሞ ከ3,000 ብርዎ በታች ይገባል። ለእርስዎ ቡችላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለብቻቸው ናቸው። ምግብ 2,900፣ በየአራት ሳምንቱ 1,200 ብር ክትባት፣ የመጨረሻው ላይ 400 ተጨምሮ፣ ትልና መዥገር። ሳጥኑን ሳይቆጥሩ በወር ከ4,300 እስከ 4,800 ብር ከእጅዎ ይወጣል ብለው ይዘጋጁ።

ገንዘቡ ካልደረሰ ከየት ልቀንስ ቢሉኝ፣ ከደረቁ ምግብ በስድስት ወሩ ይውጡ፣ ከሩዙ ይቀንሱ፣ የእብድ ውሻውን በዘመቻ ያስከትቡ። ከሦስቱ ክትባትና ከሳጥኑ አይንኩ። የእብድ ውሻውንም ቢሆን ከናካቴው አይተዉት፤ ያልተከተበ ውሻ እንግዳ ወይም ዕቃ አምጪ ቢነክስ ውሻው አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቃል፣ የተነከሰው ሰውም ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእሱ ክትባትና መመላለሻ በእርስዎ ይመጣል።

ወንድምዎ ከማምጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ። እናቱ ተከትባ ታውቃለች? ቡችላው የትል መድኃኒት ወስዷል፣ መቼ? ሦስተኛው ግን ለእርስዎ ነው፦ በግቢያችሁ ከዚህ በፊት ቡችላ ታሞ ሞቶ ያውቃል? ተከራዮቹን፣ ጎረቤቱንም ይጠይቁ። የፓርቮ ቫይረስ በአፈር ውስጥ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከሞተ ሲሚንቶውን በበረኪና፣ አንዱን በረኪና በሠላሳ ውሃ እያደረጉ ያጥቡት፤ አፈሩ ግን በበረኪና አይጸዳም፣ ስለዚህ ቡችላው የመጨረሻውን ክትባት ወስዶ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው መሬት እንዳይረግጥ በረንዳ ላይ ያቆዩት፣ ወይም ወንድምዎ እዚያው አስከትቦ በአምስት ወሩ እንዲያመጣው ይለምኑት።